ስህተቱን መጨረሻ ላይ አንብቡት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ለሰው ቴክኒካዊ እገዛ የምንሰጥ ሁሉ በየቀኑ ስለሚገጥመን ነገር ነው። አንድ ሰው ስክሪንሾት ይልክልናል። ከሥሩ "አይሠራም" ብሎ ይጽፋል። አንዳንዴ ጭራሽ ምንም አይጽፍም። ምን ሊሠራ እንደፈለገ አልነገረንም፤ እኛ ግን መልስ መስጠት አለብን።

ስክሪንሾት ሲደርሰን የብዙዎቻችን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው የስህተት መልእክቱ ላይ ነው። ኢረሩን እናነባለን፣ እንፈልገዋለን፣ ያገኘነውን መፍትሔ እንልካለን። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ፦ ኢረሩን መጨረሻ ላይ አንብቡት። ኢረሩ የሚነግረን ማሽኑ የት ጋ እንደቆመ ነው። ሰውየው ወዴት እየሄደ እንደነበር የሚታየው በኢረሩ ዙሪያ ባለው ነገር ነው።

አጭር ምሳሌ ልስጣችሁ። ጥቁር የተርሚናል መስኮት ነው፤ ላዩ ላይ ይህ ጽሑፍ አለ፦

```
git@github.com: Permission denied (publickey).
```

ጊትሀብ "የማውቀው ቁልፍ ከዚህ ማሽን አልቀረበልኝም" ማለቱ ነው። ኢረሩን ብቻ ያነበበ ሰው ወዲያው የኤስኤስኤች ቁልፍ እንዴት እንደሚፈጠርና ጊትሀብ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ መዘርዘር ይጀምራል። እስቲ ጥቂት መስመር ወደ ላይ ወጣ በሉ። ላኪው የጻፈው ትእዛዝ እዚያው አለ። ትእዛዙ `git push` ከሆነ ሰውየው የራሱን ሥራ ወደ ሰርቨር እየላከ ነው፤ ማንነቱን ማሳየት ግድ ስለሆነ የቁልፉ ትምህርት ተገቢ ነው። ትእዛዙ `git clone` ከሆነና ፕሮጀክቱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ግን ሰውየው የፈለገው ኮዱን ማውረድ ብቻ ነው። በ`git@github.com:` የሚጀምረውን አድራሻ በ`https://github.com/` በሚጀምረው ቢተካው ያለ ምንም ቁልፍ ይወርድለታል። ኢረሩ ቃል በቃል አንድ ነው። መልሱ ግን ለአንዱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለሌላው የአንድ መስመር ለውጥ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ስክሪንሾት ይዤ መጥቻለሁ፤ ለዛሬ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፣ የማንም ሰነድ አይደለም። ቀስ ብለን አብረን እናንብበው።

ኤክሴል ነው። ከላይ ያሉት ሜኑዎች `Fichier`፣ `Accueil`፣ `Insertion`፣ `Formules` ይላሉ፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ፈረንሳይኛ ነው። ከታች ሁለት ሺቶች አሉ፦ `Facture` እና `Tarifs`። አንዱ የሽያጭ ሰነድ ነው፣ ሌላው የዋጋ ዝርዝር። የተከፈተው `Facture` ነው። ዓምዶቹ በተራ `Code`፣ `Quantité`፣ `Prix unitaire` እና `Total` ይላሉ፤ የዕቃው ኮድ፣ ብዛቱ፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምር። ከረድፍ 2 እስከ 13 ድረስ ኮድና ብዛት ተሞልቷል። በዋጋው ዓምድ ከላይኛው ሴል በስተቀር ሁሉም ባዶ ነው። በላይኛው ሴል፣ በ`C2`፣ `#NOM?` የሚል ተጽፏል። `D2` ላይም `#NOM?` አለ። ከ`D3` እስከ `D13` ዜሮ ነው። ታች `D14` ላይ እንደገና `#NOM?`። የተመረጠው ሴል `C2` ስለሆነ ፎርሙላው ከላይ ባለው አሞሌ ይታያል፦

```
=VLOOKUP(A2;Tarifs!A:C;3;FALSE)
```

ከሥዕሉ ጋር የመጣው መልእክት በአማርኛ ነው፦ "እባካችሁ እርዱኝ፣ ሁሉም ቦታ ስህተት ይላል።"

መጀመሪያ ላኪው ምን እንደሚፈልግ እንወቅ። ኢረሩን ገና አልነካንም። የሺቶቹ ስም፣ የዓምዶቹ ርዕስና ፎርሙላው ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ሰውየው ኮድ ሲጽፍ ዋጋው ከ`Tarifs` ራሱ እንዲመጣለት ይፈልጋል። አንድ በአንድ በእጁ መገልበጥ ሰልችቶታል። መጨረሻ ላይ `FALSE` ማድረጉም አንድ ነገር ይነግረናል። እሱን ያስገባ ሰው ትክክለኛውን ኮድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ "ተቀራራቢ ካገኘህ እሱን አምጣ" አላለም። ለሽያጭ ሰነድ ደግሞ መሆን ያለበት ይኸው ነው። ክልሉን `A:C` ብሎ ሙሉ ዓምድ መስጠቱ ደግሞ ፎርሙላውን ወደ ታች ሲጎትተው ክልሉ አይንሸራተትም ማለት ነው። የቀሩት አሥራ አንድ ረድፎች ባዶ መሆናቸውም የሚያሳየው ያንን ነው፤ መጀመሪያ አንዱን ሞክሮ፣ ከሠራ ሊጎትተው ነው ሐሳቡ።

ቀጥሎ ላኪው ምን ያህል እንደሚያውቅ እንይ። `D` ዓምድ ውስጥ ያለው ፎርሙላ አይታየንም። ውጤቱ ግን ይታያል። ባዶ ዋጋ በብዛት ሲባዛ ዜሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከ`D3` ወደ ታች ያሉት ዜሮዎች የማባዣ ፎርሙላው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ያሳያሉ። `D14` ላይ ደግሞ ጠቅላላ ድምር አለ። ሰውየው ጀማሪ አይደለም። ፎርሙላ ምን እንደሆነ ከዜሮ ማስተማር አያስፈልገውም፤ ብናደርገው እንደናቅነው ሊቆጥረውም ይችላል።

"ሁሉም ቦታ ስህተት ይላል" ያለውም እዚህ ጋ ይፈታል። ስህተቱ አንድ ነው። `D2` የ`C2`ን ዋጋ ስለሚያባዛ ስህተቱን ይወርሳል፤ `D14` ደግሞ `D2`ን ስለሚደምር ከእሱ ይወርሳል። `C2` ከተስተካከለ ሦስቱም አብረው ይስተካከላሉ። ይህን ለላኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ብዙ ጭንቀት ያወርድለታል።

አሁን ወደ ኢረሩ እንምጣ። `#NOM?` ፈረንሳይኛው ኤክሴል "ይህን ስም አላውቀውም" ሲል የሚጽፈው ነው፤ በእንግሊዝኛው `#NAME?` የምናየው ማለት ነው። የማያውቀው ስም `VLOOKUP` ነው። ፈረንሳይኛው ኤክሴል ያንኑ ሥራ `RECHERCHEV` ብሎ ነው የሚጠራው።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ፍንጭ አለ። በእንግሊዝኛ ኤክሴል የተሠራ ፋይል ፈረንሳይኛው ላይ ሲከፈት የፎርሙላዎቹ ስም ራሱ ይቀየራል። ስለዚህ ይህ ፎርሙላ ከፋይሉ ጋር የመጣ ቢሆን ኖሮ `RECHERCHEV` ሆኖ ነበር የምናየው። በእንግሊዝኛ የቀረው እዚሁ ማሽን ላይ በእጅ ስለተጻፈ ወይም ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ነው። ላኪው አንድ ትምህርት ላይ ወይም ቪዲዮ ላይ አይቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ነገም ሌላ ፎርሙላ ከዚያው ያመጣል፤ ያው ግድግዳም ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ፍንጭ ነጠላ ሰረዙ ቦታ ላይ ያለው ምልክት ነው። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ትምህርት የፎርሙላውን ክፍሎች የሚለየው በ`,` ነው። እዚህ ግን `;` ነው ያለው። ፈረንሳይኛ አቀማመጥ ባለው ኮምፒውተር `,` የአሥርዮሽ ምልክት ስለሆነ ፎርሙላው በ`,` ቢጻፍ ኤክሴል አይቀበለውም ነበር፤ ገና `Enter` ሲጫን ፎርሙላው ችግር አለበት የሚል ሳጥን ያወጣል፣ ሴሉ ውስጥም `#NOM?` አይገባም። ስለዚህ ላኪው ወይ በ`;` የተጻፈ ትምህርት አግኝቷል፣ ወይ አንዱን መሰናክል ራሱ ታግሎ አልፎ ሁለተኛው ላይ ነው የቆመው። የትኛው እንደሆነ ከሥዕሉ ማረጋገጥ አይቻልም። በሁለቱም ግን `;` ትክክል ነው፤ እሱን መንካት አያስፈልግም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጡት። የፎርሙላው ስም የኦፊስን ቋንቋ ይከተላል። መለያው ምልክት ግን የዊንዶውስን የአካባቢ ቅንብር ይከተላል። በእንግሊዝኛ ኤክሴል ላይ `;` የምታዩበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

ግማሽ መፍትሔ የሚሰጠውም እዚሁ ላይ ነው። "`VLOOKUP`ን በ`RECHERCHEV` ቀይረው" ብለን ብቻ ብንልክ ላኪው ያደርገዋል፣ አሁንም `#NOM?` ይለዋል። ምክንያቱም `FALSE`ም እንግሊዝኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው `FAUX` ነው የሚለው። እኔ በዚህ ቦታ `0` ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ። ትርጉሙ ያው ነው፣ የትኛውም ቋንቋ ላይ ይሠራል፦

```
=RECHERCHEV(A2;Tarifs!A:C;3;0)
```

አልጨረስንም። ሥዕሉ ሌላ ነገርም ይነግረናል፤ ይሄኛው ገና ስላልደረሰ ችግር ነው። `A` ዓምድ ውስጥ ያሉት ኮዶች ቁጥሮች ናቸው፤ 1042፣ 1055 እያሉ ይሄዳሉ። ግን ወደ ግራ ነው የተጠጉት፤ ኤክሴል ደግሞ ካልነካነው በስተቀር ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ነው የሚያስጠጋው። በየሴሉ የላይኛው ግራ ጥግ ላይም ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን አለች። አሰላለፉን ሰው በእጁ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ሦስት ማዕዘኗ ግን ከአሰላለፉ የበለጠ የምታስተማምን ምልክት ናት። ኤክሴል በእሷ የሚለን "ይህ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ነው የተቀመጠው" ነው። `Tarifs` ላይ ያሉት ኮዶች እውነተኛ ቁጥሮች ከሆኑ ለኤክሴል ጽሑፉ 1042 እና ቁጥሩ 1042 አይገናኙም። ፎርሙላው ተስተካክሎም `#N/A` ያወጣል።

`Tarifs` አልተከፈተም፣ አይታየንም። ሁለቱም ሺት ላይ ኮዱ ጽሑፍ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ስለዚህ ይህንን እንደ እውነት አንናገርም፤ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ" ብለን ነው የምናስቀምጠው። መፍትሔው ኮዶቹን መርጦ አጠገባቸው በምትወጣው ምልክት `Convertir en nombre` የሚለውን መጫን ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው። ከኮዶቹ ውስጥ በዜሮ የሚጀምር ካለ፣ ለምሳሌ 0042፣ ወደ ቁጥር ሲቀየር 42 ብቻ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ኮዱ ጽሑፍ የተደረገው ታስቦበት ሊሆን ይችላል፤ መስተካከል ያለበት የ`Tarifs` ወገን ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች "ኦፊሱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው" የሚል መልስ ይሰጣሉ። እውነት ነው፣ ቢቀየር `VLOOKUP` ይሠራል። ግን ሥዕሉን እዩት። የፋይሉ ርዕሶች፣ የሺቶቹ ስም፣ ሁሉም ፈረንሳይኛ ነው። ሥራው በፈረንሳይኛ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ኮምፒውተሩ የላኪው ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰውየው የጠየቀን የአንድ ዓምድ ዋጋ ነው። የጠቅላላ ፕሮግራሙን ቋንቋ ማስቀየር ከጥያቄው በላይ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ አይቀር፣ በስክሪን ላይ ያለን ቋንቋ ሁለት አድርጋችሁ ለዩት። አንዱ ማሽኑ ያመጣው ነው፤ ሜኑ፣ ቁልፍ፣ የኢረር ጽሑፍ። ሌላው ሰው የጻፈው ነው፤ የፋይል ስም፣ የዓምድ ርዕስ፣ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ያለ ቃል፣ አብሮ የመጣው መልእክት። ላኪው ምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚመቸው የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የሜኑ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲገዛ ወይም ሲዘጋጅ የተቀመጠ ነው፣ ላኪው የመረጠው ላይሆን ይችላል። የእኛ ሰው ዓምዶቹን በፈረንሳይኛ ሰይሟል፣ ለእኛ ግን በአማርኛ ነው የጻፈው። ስለዚህ ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን። የሚጫነውን ቁልፍ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳለ ጻፉለት። "ወደ ቁጥር ቀይር የሚለውን ይጫኑ" ብንለው እንዲህ የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ የለም፤ ሲፈልግ ይውላል። `Convertir en nombre` ካልነው ዓይኑ ወዲያው ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምልከው መልስ ይህን ይመስላል፦

"ሰላም። እንደገባኝ ከሆነ ዋጋው ከ`Tarifs` በኮዱ ራሱ እንዲመጣልዎ ነው የፈለጉት። አሠራርዎ ትክክል ነው፤ የእርስዎ ኤክሴል ፈረንሳይኛ ስለሆነ ግን የእንግሊዝኛውን የፎርሙላ ስም አያውቀውም። `C2` ላይ ይህን ያስገቡና ወደ ታች ይጎትቱት፦ `=RECHERCHEV(A2;Tarifs!A:C;3;0)`። ሌሎቹ ስህተቶች ከዚህ ሴል የመጡ ስለሆኑ አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ `#N/A` ካለዎት ኮዶቹ በአንዱ ሺት እንደ ጽሑፍ፣ በሌላው እንደ ቁጥር ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ይጻፉልኝ።"

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አትዝለሉት። ግምታችንን ላኪው ፊት የምናስቀምጠው እዚያ ላይ ነው። ከተሳሳትን ሰውየው አንድ መስመር አንብቦ "አይ፣ እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው" ይለናል። ግምቱን ደብቀን መፍትሔውን ብቻ ብንልክ ግን መመሪያውን እስከ መጨረሻ ተከትሎ፣ ያልፈለገው ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያውቀው። የመቀየሪያውን ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልጻፍኩትም። በዜሮ የሚጀምር ኮድ እንዳለ ሳላውቅ ያንን ቁልፍ ማስጫን አልፈልግም።

ይህ ዓይነቱ ንባብ የማይሠራበት ቦታም አለ። ብዙ የሚገጥመኝ ሥዕሉ ሲቆረጥ ነው። ላኪው ሊረዳን ብሎ ኢረሩን ብቻ ቆርጦ ይልካል፤ `#NOM?` የሚል አንድ ሴል ይደርሰናል። ፎርሙላው የለም፣ ሺቶቹ የሉም። እንዲህ ሲሆን መገመት ትተን ሙሉውን ስክሪን እንጠይቅ፤ ሴሉን መጀመሪያ ተጭኖ እንዲያነሳው መንገርም አንርሳ፣ አለበለዚያ የፎርሙላው አሞሌ የሌላ ሴል ነገር ያሳየናል። ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ማንበብ ነው። የስልኩ ባትሪ 9 በመቶ መሆኑ፣ ሰዓቱ ሌሊት መሆኑ ስለ ላኪው ፍላጎት ምንም አይናገርም። የአውሮፕላን ምልክት በርቶ ብራውዘሩ `ERR_INTERNET_DISCONNECTED` ካለ ግን ምልክቷ ከኢረሩ ጋር ትገናኛለች፣ ትነበባለች።

ሙሉ በሙሉ የሚለየው ደግሞ ላኪው ምንም ያልሠራበት ስክሪን ነው። ስልክ ላይ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ "ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ይጫኑ።" የተሞላ ቅጽ የለም፣ የተጻፈ ትእዛዝ የለም፣ የተጀመረ ሥራ የለም። ነገሩ ራሱ ነው ወደ ሰውየው የመጣው። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎቱ "እውነት ነው ወይ?" ነው። ወደ ላይ ስታዩ የብራውዘር አድራሻ አለ፤ ማስጠንቀቂያው ያለው አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ነው። ድረ ገጽ የስልክን ፋይሎች በቫይረስ መመርመር አይችልም። መልሱ "አይደለም፣ ምንም ሳይጫኑ ገጹን ይዝጉት" ነው፤ ተከትሎም አንድ ጥያቄ፦ ቀደም ብለው የተጫኑት ወይም ያወረዱት ነገር አለ? ይህን ግን ከሥዕሉ ልናውቀው አንችልም፣ መጠየቅ አለበት።

ወደ ኤክሴሉ ልመለስና ልጨርስ። መልሳችንን ልከን ላኪው "አሁን ደግሞ `#N/A` አለኝ" ቢለን ፍላጎቱን በትክክል አንብበናል ማለት ነው፤ የቀረው የኮዶቹ ጉዳይ ነው። "ዋጋው መጣ፣ ግን የባለፈው ወር ዋጋ ነው" ካለን ግን የገመትነው ፍላጎት ጎድሎ ነበር፤ የሚፈልገው የቅርቡን ዋጋ ነው። `Tarifs` ላይ አንድ ኮድ ከአንድ ጊዜ በላይ ካለ `RECHERCHEV` ከላይ መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚያመጣው። ያኔ ሁለተኛ ግምት አንላክ። የ`Tarifs`ን ስክሪንሾት እንጠይቅ፤ የዓምዶቹ ርዕስና ጥቂት ረድፎች ይበቁናል፣ ኮዱና ቀኑ ከታየ በቂ ነው። የዋጋዎቹን አኃዝ ማየት ስለማያስፈልገን ሸፍነው እንዲልኩልን እንንገራቸው።